ከአይኪው ነጥብ ባሻገር፦ የመላመድ ባህሪን ከአሳዳጊ ጠይቆ ለመለካት የትኛው መንገድ ይሻላል?

አንድ የ12 ዓመት ልጅ የማሰብ ችሎታ ፈተና ተፈትኖ 74 አገኘ እንበል። ማህደሩን የከፈተው ባለሙያ መለያው 70 መሆኑን ያውቃልና «የአእምሮ እድገት ውስንነት የለበትም» ብሎ ይዘጋዋል። ልጁ ግን ብቻውን መንገድ አይሻገርም፣ ሰዓት አያነብም፣ «ጓደኛህ ነኝ» ያለው ሁሉ ኪሱን ባዶ አድርጎት ይሄዳል። ቁጥሩ ስለ ፈተናው ሰዓት እንጂ ከፈተናው ክፍል ውጭ ስላለው ኑሮ የሚናገረው ነገር የለም። ስለዚያ ኑሮ የሚያውቀው ከልጁ ጋር የሚውለውና የሚያድረው ሰው ነው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄም ያን ሰው በየትኛው መንገድ ብንጠይቀው እውነቱን እናገኛለን የሚል ነው።

በመጀመሪያ 74 ቁጥሩ ራሱ የሚመስለውን ያህል ጥብቅ አይደለም። እያንዳንዱ የማሰብ ችሎታ ፈተና የመለኪያ ስህተት አለው፤ በተለምዶ ወደ ላይም ወደ ታችም 5 ነጥብ ያህል ይታሰባል። ስለዚህ 74 ማለት ከ69 እስከ 79 ባለው ውስጥ የሆነ ቦታ ማለት ነው። ይህ ጉዳይ ፍርድ ቤት ድረስ ደርሷል። የፍሎሪዳ ግዛት በሞት ቅጣት ጉዳይ ከ70 በላይ ያገኘ ተከሳሽ ውስንነት እንዳለበት የሚያሳይ ሌላ ማስረጃ እንዳያቀርብ ይከለክል ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ይህን አሠራር ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ነው ብሎ ሻረው። ነጥቡ በስህተት ወሰኑ ውስጥ የሚወድቅ ሰው ስለ ዕለት ኑሮው ማስረጃ የማቅረብ መብት አለው ሲል ወሰነ። የተከሳሹ ነጥብ 71 ነበር።

የአእምሮ እድገት ውስንነት ምርመራ በሦስት እግር የሚቆም ነው። አንደኛው የማሰብ ችሎታ ማነስ፣ ሁለተኛው የመላመድ ባህሪ ማነስ፣ ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱም በእድገት ዘመን መጀመራቸው ነው። የመላመድ ባህሪ ሲባል አንድ ሰው የራሱንና የአካባቢውን የዕለት ተዕለት ፍላጎት ለማሟላት በተግባር የሚያደርገው ነገር ነው። በሦስት ዘርፍ ይከፈላል። ዕውቀታዊው ዘርፍ ቋንቋን፣ ማንበብን፣ ገንዘብንና ጊዜን ይይዛል። ማኅበራዊው ከሰው ጋር መኖርን፣ ደንብ መረዳትንና ላለመታለል መጠንቀቅን ይመለከታል። ተግባራዊው ራስን መጠበቅን፣ ልብስን፣ ንጽሕናን፣ መጓጓዣንና ጤናን ያካትታል። ቢያንስ በአንዱ ዘርፍ ጉልህ ማነስ ካለ ሁለተኛው እግር ቆመ ማለት ነው። ዲኤስኤም-5 የተባለው የምርመራ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወጣ የውስንነቱ ክብደት ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ ወይም እጅግ ከባድ ተብሎ የሚለየው በአይኪው ሳይሆን በመላመድ ባህሪ እንዲሆን አድርጓል። ሰውየው ምን ያህል ድጋፍ እንደሚያስፈልገው የሚናገረው ይኸኛው ነውና።

በምን መስፈርት እናወዳድር?

ከመሣሪያዎቹ ስም በፊት መስፈርቶቹን ማስቀመጥ ይበጃል። እኔ አራት እይዛለሁ፤ የመጀመሪያው ከሌሎቹ ሁሉ የሚበልጥ ሚዛን አለው።

አንደኛ፣ መንገዱ «ይችላል ወይ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው ወይስ «ያደርጋል ወይ?» ብሎ? የማሰብ ችሎታ ፈተና የሚለካው ሰው በርትቶ የሚደርስበትን ጣሪያ ነው። የመላመድ ባህሪ ግን የሚለካው ማንም ሳያስታውሰው፣ ማንም ሳይረዳው፣ በአዘቦት ቀን የሚያደርገውን ነው። እናት «ልጅዎ ልብሱን ይለብሳል?» ስትባል «አዎ» ትላለች፤ ልብሱን መርጣ፣ ገልብጣ፣ ከፊቱ ያስቀመጠችለት እሷ መሆኗ ግን በ«አዎ»ው ውስጥ ተሸፍኖ ይቀራል።

ሁለተኛ፣ ወሳኙ ቦታ ላይ፣ ማለትም 70 አካባቢ፣ ምን ያህል በጥራት ይለያል? ሦስተኛ፣ ነጥቡ የሚነጻጸረው ከማን ጋር ነው? አራተኛ፣ ምን ያህል ጊዜ፣ ምን ያህል ሥልጠና፣ ምን ያህል ወጪ ይፈልጋል?

የመጀመሪያው መንገድ፦ የቫይንላንድ ቃለ መጠይቅ

የዚህ ዘርፍ አባት ኤድጋር ዶል ነው። ኒው ጀርሲ ውስጥ ቫይንላንድ በተባለ ስፍራ በሚገኝ ተቋም ይሠራ ነበርና እ.ኤ.አ. በ1935 ባወጣው መለኪያ ላይ የቦታው ስም ቀረ። ሰውየውን ቁጭ አድርጎ ከመፈተን ይልቅ በቅርብ የሚያውቀውን ሰው መጠየቅ የሚለው አሠራርም ከዚያ ጀምሮ የዘለቀ ነው። ሦስተኛው እትም ቫይንላንድ-3 እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሲሆን ከልደት እስከ እርጅና ድረስ ያገለግላል። መግባባትን፣ የዕለት ኑሮ ክህሎትንና ማኅበራዊ ኑሮን ይለካል። አማካዩ 100፣ መደበኛ ልይይቱ 15 ነው፤ 70 ማለት ከአማካዩ በሁለት ልይይት ዝቅ ማለት ሲሆን እዚያና ከዚያ በታች የሚወድቀው ከ100 ሰው 2 ያህሉ ነው።

ልዩ የሚያደርገው የአጠያየቅ ዘዴው ነው። ዝርዝሩ በጠያቂው እጅ ይቆያል፤ አሳዳጊው አያየውም፣ ጥያቄዎቹም እንዳሉ አይነበቡለትም። ጠያቂው «ጠዋት ከእንቅልፉ ከተነሣ ጀምሮ ከቤት እስኪወጣ ያለውን ይንገሩኝ» ብሎ ሰፊ በር ይከፍታል፣ እናት ታወራለች፣ እሱ ደግሞ ከወሬዋ ውስጥ የዝርዝሩን መልሶች እየለቀመ 2፣ 1 ወይም 0 ይሰጣል። ዘወትር የሚያደርገው 2፣ አልፎ አልፎ የሚያደርገው 1፣ የማያደርገው 0 ያገኛል። ያልጠራለት ካለ «ልብሱን የሚያወጣለት ማን ነው?» ብሎ ወደ ውስጥ ይገባል። እናት የትኛው መልስ «ጥሩ» እንደሆነ ስለማታይ ልጇን ለማሳመር ወይም ለማሳነስ ያላት ዕድል ይጠባል።

ድክመቱ ጠያቂው ነው። ሥልጠና የሌለው ሰው ሲደክመው ዝርዝሩን ማንበብ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ዘዴው ይፈርሳል፣ የቀረው በጣም የረዘመ መጠይቅ ብቻ ነው። ይህን ለማወቅ ቀላል ምልክት አለ፦ የማስታወሻው ገጽ ላይ የእናት ቃል ከሌለና ቁጥር ብቻ ካለ ቃለ መጠይቁ አልተደረገም ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው መንገድ፦ አሳዳጊው የሚሞላው ቅጽ

ቫይንላንድ-3 ራሱ በአሳዳጊ የሚሞላ ቅጽ አለው። ከዚህ ወገን በሰፊው የሚታወቀው ሌላው እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ኤባስ-3 ነው፤ እሱም ከልደት እስከ እርጅና ያገለግላል። ለመሙላት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃዋል፣ የዘርፎቹ አከፋፈልም ዕውቀታዊ፣ ማኅበራዊና ተግባራዊ ስለሆነ ከምርመራው መስፈርት ጋር ቃል በቃል ይገጥማል። ማንበብ ለማይችል አሳዳጊ ጮክ ብሎ ሊነበብለት ይችላል።

ኤባስ-3 አንድ የምወደው ነገር አለው። የመልሱ ደረጃ ከ0 እስከ 3 ሲሆን 0 «አይችልም» ማለት ነው፣ 1 ደግሞ «ይችላል፣ ነገር ግን በሚያስፈልግበት ጊዜ አያደርገውም» ማለት ነው። 0 ያገኘ ልጅ ሊማር ይገባዋል። 1 ያገኘ ልጅ ግን ዕድል ተነፍጎት፣ ፍላጎት አጥቶ ወይም ሁልጊዜ የሚቀድመው ሰው ኖሮ ሊሆን ይችላል። ለትምህርት ዕቅድ ይህ ልዩነት ብዙ ዋጋ አለው። መልሱ ግምት ከሆነ ምልክት የሚደረግበት ቦታም አለው፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ግምቶቹ ከበዙ ትክክለኛውን ሰው አልጠየቅንም ማለት ነው።

ችግሩ አሳዳጊው ከወረቀቱ ጋር ብቻውን መሆኑ ነው። «ከሱቅ ዕቃ ይገዛል» የሚለውን አንብቦ ምን ዓይነት እርዳታ እንደማይቆጠር የሚነግረው የለም።

ሦስተኛው መንገድ፦ ለምርመራ ብቻ የተሠራው ዳብስ

ዳብስ የአሜሪካው የአእምሮና የእድገት ውስንነት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተመው መለኪያ ነው። እንደ ሌሎቹ የአንድን ሰው ክህሎት ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመዘርዘር አይሞክርም። ጥያቄዎቹ 75 ብቻ ሲሆኑ የተመረጡት «ጉልህ ማነስ አለ ወይስ የለም?» በሚለው ወሰን ላይ ከሁሉ የተሻለ እንዲለዩ ነው። ለእያንዳንዱ ዘርፍ 25 ደርሶታል። በባለሙያ ቃለ መጠይቅ ነው የሚደረገው። ሌሎች መለኪያዎች በስሱ የሚያልፉትን መታለልንና የዋህነትን አንሥቶ ይጠይቃል፤ ይህ ቀላል ውስንነት ያለበትን ወጣት ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዳ ነገር ነውና ትልቅ ጥቅም አለው።

ገደቡ ግልጽ ነው። ከ4 እስከ 21 ዓመት ላለ ሰው ብቻ ነው የሚያገለግለው፤ ምን እንደምናስተምረው ለማቀድም አይረዳም።

አራተኛው መንገድ፦ ያለ መለኪያ፣ በአይሲዲ-11 የባህሪ አመልካቾች

የዓለም ጤና ድርጅት አይሲዲ-11 በተባለው የበሽታዎች መመደቢያው ውስጥ በዕድሜ ክልል የተከፈሉ የባህሪ አመልካች ሠንጠረዦች አስቀምጧል። ተስማሚ ፈተና በሌለበት ቦታ ባለሙያው አሳዳጊውን ጠይቆ፣ ልጁን አይቶ፣ ያገኘውን ከሠንጠረዡ ጋር አስተያይቶ ክብደቱን እንዲወስን ያስችሉታል። ወጪ የለውም ማለት ይቻላል፣ ለመጠቀም ግን ልምድ ያለው ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ይጠይቃል። ውጤቱ ቁጥር ሳይሆን መግለጫ ነው።

ይህን መንገድ ብዙዎች እንደ ድሃ ምትክ ያዩታል፤ እኔ አልስማማም። ሦስቱም መለኪያዎች ነጥባቸውን የሚሰጡት ከአሜሪካ ነዋሪዎች ናሙና ጋር እያስተያዩ ነው። በሌላ ቋንቋ ተተርጉመው፣ ሌላ ኑሮ ለሚኖር ልጅ ሲሰጡ፣ የሚወጣው 66 ወይም 72 ትክክለኛ ይመስላል እንጂ የሚነጻጸርበት ሕዝብ የእሱ አይደለም። እንዲህ ባለ ቦታ የተጠነቀቀ መግለጫ ከማይታመን ቁጥር ይበልጣል።

| | ቫይንላንድ-3 ቃለ መጠይቅ | የአሳዳጊ ቅጽ (ኤባስ-3 እና መሰሎቹ) | ዳብስ | የአይሲዲ-11 አመልካቾች |
|---|---|---|---|---|
| «ያደርጋል» ወይስ «ይችላል» | ሠልጣኝ ከጠየቀ በደንብ ይለያል | በአሞላሉ ይወሰናል | በደንብ ይለያል | በባለሙያው ልምድ ይወሰናል |
| ወሰኑ ላይ ያለው ጥራት | ጥሩ | መካከለኛ | ከሁሉ የተሻለ | ቁጥር አይሰጥም |
| ዕድሜ | ከልደት እስከ እርጅና | ከልደት እስከ እርጅና | 4–21 | በዕድሜ ክልል |
| ማነጻጸሪያ | የአሜሪካ ናሙና | የአሜሪካ ናሙና | የአሜሪካ ናሙና | የመግለጫ ሠንጠረዥ |
| ጊዜና ሥልጠና | ብዙ | ጥቂት | መካከለኛ | ሥልጠናው ብዙ፣ ወጪው ጥቂት |
| ለትምህርት ዕቅድ | በጣም ይጠቅማል | በጣም ይጠቅማል | አይጠቅምም | በከፊል |

ወደ ልጁ እንመለስ

በመግቢያው ላይ ያነሣሁት ልጅና ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ነገሩን ለማሳየት የተሠሩ ናቸው፤ አካሄዱ ግን በሥራ ላይ የሚያጋጥመው ነው።

መጀመሪያ አባቱ ቅጽ ሞላ። አጠቃላይ ውጤቱ 81 ሆነ፤ ከ70 በላይ ነውና ከአይኪው ነጥቡ ጋር ተደምሮ ጉዳዩ ሊዘጋ ተቃረበ። በቅጹ ላይ «ከሱቅ ዕቃ ይገዛል» ለሚለው ሙሉ ነጥብ ተሰጥቷል። ከዚያ አብራው የምትውለው እናቱ ተጠየቀች።

«ሱቅ ሲላክ እንዴት እንደሚሆን ይንገሩኝ» አለ ጠያቂው።

«ይሄዳል፤ በዚህ አይታማም። የሚገዛውን በወረቀት እጽፍለታለሁ፣ ባለሱቁ ያነብለታል።»

«ገንዘቡንስ?»

«ልክ ልኩን ቆጥሬ ነው የምሰጠው። መልስ ካለ ባለሱቁ በወረቀቱ ጠቅልሎ ይልከዋል። ባለፈው ሌላ ሱቅ ሄዶ ያለውን ሁሉ ሰጥቶ ባዶ እጁን መጣ።»

«መንገዱን ማን ያሻግረዋል?»

«እኅቱ በር ላይ ቆማ ታየዋለች። ሱቁ በእኛው በኩል ነው፤ መንገድ የሚያሻግር ሱቅ አልከውም።»

አባትየው አልዋሸም። ልጁ ወደ ሱቅ ሄዶ ዕቃ ይዞ ይመጣል፤ እሱ ማታ ሲገባ የሚያየውም ይህንኑ ነው። ነገር ግን ማንበቡን ባለሱቁ፣ መቁጠሩን እናት፣ መጠበቁን እኅት ወስደውለታል። ለልጁ የቀረው መሸከም ነው። በዝርዝሩ ላይ ገንዘብ መቁጠር፣ መልስ መቀበል፣ መንገድ መሻገር ለየብቻቸው ሲታዩ ሦስቱም 0 ሆኑ። በመታጠብ፣ በልብስ፣ በመድኃኒትና በስልክ ላይም ተመሳሳይ ነገር ታየ። ቤተሰቡ በፍቅር የሠራው መደገፊያ የልጁን ጉድለት ከሩቅ ለሚያይ ሰው ሸፍኖት ነበር።

በቃለ መጠይቁ የዕለት ኑሮ ክህሎት 64፣ መግባባት 68፣ ማኅበራዊ ኑሮ 73 ወጣ። ቀጥሎ የክፍሉ መምህር ተጠየቀ፤ ልጁ ሰሌዳ ላይ ያለውን እንደሚገለብጥ፣ የገለበጠውን ግን ሊያነብ እንደማይችል፣ ልጆች «አምጣ» ያሉትን ሁሉ እንደሚሰጥ ተናገረ። ከእናት ቃል ጋር ይገጥማል።

እዚህ ላይ በጣም የተለመደ ስህተት አለ። የአባትን 81 እና የእናትን ውጤት ደምሮ ለሁለት ማካፈል። የሁለት ሰዎች መልስ ሲለያይ አማካዩ የማንንም ልጅ አይገልጽም። የሚሠራው ልዩነቱ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ነው፦ ማን ከልጁ ጋር የበለጠ ይውላል? ማን እርዳታውን ይሰጣል፣ ማንስ ውጤቱን ብቻ ያያል? ሁለቱ ስለ አንድ ቦታ ነው የሚያወሩት ወይስ አንዱ ስለ ቤት፣ ሌላው ስለ ትምህርት ቤት? መልሱ ከተገኘ በኋላ የትኛው ማስረጃ ሚዛን እንደሚደፋ ምክንያቱን ጽፎ መወሰን የባለሙያው ኃላፊነት ነው። በእኛ ልጅ ጉዳይ የመግባባትና የዕለት ኑሮ ዘርፎቹ ወድቀዋል፣ የአይኪው ነጥቡ በስህተት ወሰኑ ውስጥ ነው፣ ችግሩም ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንደነበረ እናቱ መናገር ከጀመረበትና ከተራመደበት ጊዜ ጋር አያይዛ ትተርካለች። ሦስቱም እግሮች ቆመዋል።

መንገዱ በተቃራኒውም ይሠራል። 66 ያገኘች ልጅ ታናናሾቿን የምትጠብቅ፣ ሒሳብ የማትሳሳት፣ በአውቶቡስ ብቻዋን ደርሳ የምትመለስ ከሆነ፣ ውስንነት አለባት ከመባሉ በፊት የፈተናው ቋንቋ ቋንቋዋ ነበር ወይ፣ ጆሮዋ በደንብ ይሰማል ወይ ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል። የመላመድ ባህሪ ሳይወድቅ በነጥብ ብቻ ስም መስጠት ዕድሜ ልክ የሚከተላት ጉዳት ነው።

መልሱን የሚያዛቡ ነገሮች

ከሁሉ የሚከብደው የዕድል ጉዳይ ነው። አንድ ልጅ ስልክ ደውሎ የማያውቀው ማንም ስልክ ሰጥቶት ስለማያውቅ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ 0 ላይ «ሞክሮ ያውቃል?» ብሎ መጨመር ያስፈልጋል፤ በዙሪያው ያሉ እኩዮቹ የሚያደርጉትን እሱ ብቻ የማያደርግ ከሆነና ተሞክሮ ካልሆነለት 0 ትርጉም አለው። አካባቢው በሙሉ የማያውቀው ነገር ከሆነ ግን ጥያቄው ራሱ ለዚህ ልጅ አይሆንም። የአካል ጉዳትም እንዲሁ ነው። ቁልፍ የማይቆልፍ ልጅ ጣቶቹ አልታዘዝ ብለውት ከሆነ፣ አቆላለፉን ግን በቃል የሚያስረዳ ከሆነ፣ ያ ነጥብ ስለ አእምሮው አይናገርም።

ከዚህ ሌላ የአሳዳጊው ልብ አለ። ኀፍረት መልሱን ወደ ላይ ይገፋል፤ ድጋፍ እንዳይከለከል መፍራት ደግሞ ወደ ታች። ሁለቱንም የሚያረጋጋው ምሳሌ መጠየቅ ነው። «ሁልጊዜ ያደርገዋል» ሲባል «ትናንት እንዴት አደረገው?» ብሎ መከተል ይቻላል። ስለ ትናንት የሚተርክ ሰው ማጋነኑ ይቀንሳል።

ለየትኛው ፍላጎት የትኛው?

ነጥቡ ከ65 እስከ 75 ባለው ውስጥ ከሆነና የሚወሰነው የምርመራ ስም ከሆነ ቅጽ ብቻ አይበቃም። ዕድሜው ከ4 እስከ 21 ከሆነና መሣሪያው ከተገኘ ዳብስ፣ ካልሆነ የቫይንላንድ ቃለ መጠይቅ ይደረግ፤ ሁለተኛ መልስ ሰጪም ከሌላ ቦታ ይፈለግ።

የሚፈለገው ልጁ በሚቀጥለው ዓመት ምን ይማር የሚለውን ማወቅ ከሆነ የኤባስ-3 ቅጽ ወይም ሰፊው የቫይንላንድ ቃለ መጠይቅ ይሻላል፤ ውጤቱም በጥያቄ በጥያቄ ይነበብ። እጅግ ከባድ ውስንነት ላለበት ሰው ደግሞ ትንንሽ እርምጃዎችን የሚቆጥር ዝርዝር ስለሚያስፈልግ ሰፊው ቫይንላንድ ይመረጣል።

ብዙ ሕፃናትን ባጭር ጊዜ ማጣራት ካስፈለገ ቅጹ ይቀላል፣ ግን ማጣሪያ እንጂ ብይን አይሆንም። ገንዘብ ለጠበበበት አገልግሎት የምመክረው ጮክ ብሎ የሚነበብ ቅጽ ወስዶ፣ ከገንዘብ፣ ከመንገድና ከመታለል ጋር የተያያዙትን ጥያቄዎች ብቻ በክፍት ጥያቄ መልሶ ማጣራት ነው። ትልቁ ስህተት የሚደበቀው እዚያ ነውና ግማሽ ሰዓት ቢጨምር አያስቆጭም።

በልጁ ቋንቋና ኑሮ የተዘጋጀ መለኪያ ከሌለ የአይሲዲ-11 አመልካቾች ይያዙ። በዘገባው ላይ የተተረጎመ ፈተና ነጥብ እንደ እርግጠኛ ቁጥር አይጻፍ። ይልቁንም «ገንዘብ ሳይቆጠርለት አይገዛም፤ መንገድ ሰው ሳያየው አይሻገርም፤ ዕቃውን ለጠየቀው ሁሉ ይሰጣል፤ ይህን የተናገሩት አብራው የምትውለው እናቱና መምህሩ ናቸው» ተብሎ ይጻፍ።

ለአዋቂ ሰው ምርመራ ሲፈለግ፣ የሚጠየቀው በልጅነቱ ያሳደገው ሰው ከሆነ «በ10 ዓመቱ ምን ያደርግ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ብዥ ያለ ትዝታ ነው የሚያመጣው። ጊዜውን ከሚታወቅ ነገር ጋር ማሰር ይረዳል፤ ታናሹ በተወለደበት ዓመት፣ ቤት በቀየሩበት ወቅት፣ ሦስተኛ ክፍልን በደገመበት ጊዜ። ከዚያ የትምህርት ቤት ካርድና የጤና መዝገብ ካለ ተፈልጎ ከቃሉ ጋር ይተያይ። ባለጉዳዩ ራሱ ስለ ራሱ የሚሰጠው መልስ ይሰማል፤ ብቻውን ግን አይበቃም፣ ብዙዎቹ የማይችሉትን እንደሚችሉ አድርገው መናገርን ለዓመታት ተለማምደውታልና።